«ሰማንያ በመቶ» ከየት መጣ?

«በኢትዮጵያ ቁጥር አንድ የሆነው ድርጅታችን የመብራት ወጪዎን እስከ 80 በመቶ ይቀንስልዎታል። ከእንግዲህ መብራት ፈጽሞ አይጠፋብዎትም። ለ25 ዓመት ሙሉ ዋስትና እንሰጣለን። ከ500 በላይ ደንበኞች ረክተውብናል።»

ሶላር የሚሸጥ ድርጅት ለአንድ ክሊኒክ ሊልከው ያዘጋጀው ፕሮፖዛል እንዲህ ይጀምራል እንበል። ገጹ ለማሳያ የተዘጋጀ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሮቹን በጨረታ ሰነድ ውስጥ፣ በብሮሹር ላይና በሽያጭ ሠራተኞች አንደበት ያላነበበ ወይም ያልሰማ ነጋዴ ጥቂት ነው። አራቱም ያምራሉ። የክሊኒኩ ባለቤት ግን ከአንዳቸውም ተነስቶ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚተርፈው፣ መብራት በጠፋ ሌሊት የክትባት ፍሪጁ ስንት ሰዓት እንደሚሠራለት ማወቅ አይችልም።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያርመው ሰው የሚቸኩለው ቃላቱን ለማለዘብ ነው። «ይቀንሳል» የሚለው «ሊቀንስ ይችላል» ይሆናል፣ «ፈጽሞ» የሚለው ይሰረዛል። እንዲህ የታረመ ፕሮፖዛል አይዋሽም፤ ግን የሚነግረው ነገርም የለም። «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የሞላበት ሰነድ ገዢውን ከተጋነነው ሰነድ ይበልጥ ያናድደዋል። ሥራው የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው፦ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር ያለውን ማስረጃ ከማፈላለግ።

ከ80 በመቶው እንጀምር፤ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነውና። የሽያጭ ሠራተኛው ቁጥሩን ከራሱ አልፈጠረውም። ቀደም ሲል ሶላር የተገጠመለት አንድ ሱቅ በጥር ወር ያን ያህል ቀንሶለታል። ሱቁ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ ነው፤ የሚያበራው ጥቂት አምፖልና አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ጥር ደግሞ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነው። ቁጥሩ ለዚያ ሱቅ በዚያ ወር እውነት ነበር። ክሊኒኩ ግን ሌሊት የሚሠሩ ፍሪጆች፣ የላቦራቶሪ መሣሪያና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን አውቶክሌቭ አለው። የአንድ ደንበኛ ምርጥ ወር ለሌላ ደንበኛ ዓመቱን ሙሉ ቃል ሆኖ ሲተላለፍ ነው ማጋነን የሚመጣው። አብዛኛው የተጋነነ ቁጥር የሚወለደውም በዚህ መንገድ ነው፤ እንዲያው ከባዶ የተፈጠረ ውሸት ብርቅ ነው።

ስለዚህ አራሚው የክሊኒኩን የ12 ወር ቢል ያስመጣል። በአማካይ በወር 1100 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። የቀረበው መሣሪያ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 10 ፓነሎች ነው፤ በጠቅላላው 5.5 ኪሎዋት። በአዲስ አበባ ፀሐይ ሙሉ ጉልበቷን ሰጠች ተብሎ የሚታሰበው ጊዜ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ላይ በአቧራ፣ በሙቀት፣ በሽቦና በኢንቨርተር የሚባክነው ሩብ ያህሉ ሲቀነስ በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። ክሊኒኩ እሑድ ዝግ ስለሆነና የዕለቱ ኃይል አብዛኛው ስለማይጠቀስ በወር 26 ቀን ቢታሰብ 520 ይሆናል፤ ይህም የወር ፍጆታው 47 በመቶ ገደማ ነው። ክረምት ገብቶ የፀሐዩ ሰዓት ወደ 4 ሲወርድ ድርሻው ወደ 39 በመቶ ዝቅ ይላል።

አዲሱ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሒሳብ ይወጣል፦ «ባለፉት 12 ወራት ቢልዎ መሠረት መሣሪያው በበጋ ወራት ከፍጆታዎ 47 በመቶ ያህሉን፣ በክረምት ደግሞ 39 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል ብለን እንገምታለን። ስሌቱ በአባሪ 1 ይገኛል።» እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ኪሎዋት ሰዓት እንጂ ስለ ብር አይደለም። ቢል ላይ ፓነል የማይቀንሰው የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ታሪፉም ይከለሳል። ሻጩ የማያዝበትን ዋጋ ቃል አይገባም። ገዢው ስሌቱን በብር ማየት ከፈለገ በዕለቱ ታሪፍ ተሰልቶ፣ የታሪፉ ቀን ተጽፎበት ሊቀርብለት ይችላል።

«እስከ» የምትለው ቃል ብዙ ሻጮችን ታታልላለች። «እስከ 80 ነው ያልነው፣ 80 ነው አላልንም» ብለው ይከራከራሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ጉዳይ ገጥሞታል። አምስት የመስኮት አምራቾችና ሻጮች መስኮታቸው የቤትን የኃይል ወጪ በእጅጉ እንደሚቀንስ ሲያስተዋውቁ ኮሚሽኑ በቂ ማስረጃ የላችሁም ብሎ ከሰሳቸው፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ያወጣው ጥናት ደግሞ «እስከ 47 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ሰዎች ብዙዎቹ የተረዱት መደበኛው ተጠቃሚ 47 በመቶ ያህል እንደሚቆጥብ ነበር። ስለዚህ ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ደንበኛው በራሱ ሁኔታ የሚያገኘውን መካከለኛና ዝቅተኛ ቁጥር መጻፍ ይሻላል።

«መብራት ፈጽሞ አይጠፋብዎትም» የሚለው ቃል የሚፈተነው በባትሪው ነው። ፕሮፖዛሉ ያቀረበው ባትሪ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ነው። ዕድሜው እንዳያጥር እስከ ታች ስለማይሟጠጥ፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ሲታሰብ ለሥራ የሚደርሰው 8 ያህል ነው። መብራት፣ ሁለት ፍሪጅ፣ ኮምፒውተሮችና የላቦራቶሪው ዕቃ አንድ ላይ 1.2 ኪሎዋት ከሳቡ ሙሉ የነበረው ባትሪ ለስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያቆያቸዋል። አንድ ነርስ ሳታውቅ 2 ኪሎዋት የሚስበውን አውቶክሌቭ ብታበራ ግን ያ ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ክትባት ለያዘ ክሊኒክ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። እናም የታረመው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ፣ በሠንጠረዡ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራሉ። አውቶክሌቩና የውሃ ማሞቂያው በዚህ መስመር ላይ አይገናኙም።»

ይህን ያነበበ ገዢ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «እኛ ጋ እኮ አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይጠፋል፤ ታዲያ ምን ይሻላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ሊጨመር ወይም ያለው ጄኔሬተር ከመሣሪያው ጋር ሊያያዝ ይችላል። «ፈጽሞ አይጠፋም» የሚለው ቃል ይህ ንግግር እንዳይጀመር ያፍነው ነበር፤ ጥያቄው የሚነሳው ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ፍሪጁ ከቆመ በኋላ ይሆን ነበር።

የዋስትናው ዓረፍተ ነገር የሚታረመው በአምራቹ ሰነድ ነው። 25 ዓመት የሚለው ብዙ ጊዜ የፓነሉን የማመንጨት አቅም ብቻ ይመለከታል፦ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ከመነሻ አቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ይሰጣል የሚል ነው። የፓነሉ የፋብሪካ ጉድለት፣ ኢንቨርተሩና ባትሪው እያንዳንዳቸው የራሳቸው፣ አጠር ያለ የዋስትና ዘመን አላቸው። ሁሉንም «ሙሉ ዋስትና» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል በስድስተኛው ዓመት ኢንቨርተሩ ሲቃጠል ጠብ ይወልዳል። ፕሮፖዛሉ የእያንዳንዱን ዕቃ ዘመን ለየብቻ ጽፎ፣ ዕቃው ሲበላሽ የማንሻና የመግጠሚያ ወጪው የማን እንደሆነ ሊናገር ይገባዋል።

«ከ500 በላይ ደንበኞች» ሲመረመር ደግሞ የተፈረመ የተከላ ውል ያለው 63 ሆኖ ይገኛል፤ የቀሩት ዋጋ የጠየቁና ትንንሽ የሶላር መብራት የገዙ ናቸው። 63 የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። ይልቁንም ከ63ቱ ውስጥ ሰባቱ ክሊኒኮች ከሆኑና ሁለቱ ፈቅደው ስልካቸው ከተሰጠ፣ ለዚህ ገዢ ከ500ው የበለጠ ክብደት አለው። «ቁጥር አንድ» የሚለውስ? በምን መለኪያ፣ በማን ቆጠራ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። እሱ ይሰረዛል።

የሽያጭ ክፍሉ መቃወሙ አይቀርም። «ተወዳዳሪያችን 80 በመቶ ብሎ እየጻፈ እኛ 47 ብንል ሥራውን እናጣዋለን» ይላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በዚህ ምክንያት የሚታጣ ሥራም ይኖራል። ሆኖም ስሌቱን አያይዞ ያቀረበ ሻጭ ለገዢው መለኪያ ሰጥቶታል። ገዢው ያንኑ አባሪ ይዞ ሌላውን ሻጭ «የእናንተ 80 በስንት ፓነል፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቢል ነው?» ማለት ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቁጥር የያዘ ቃል ከተራ ውዳሴ ተለይቶ ይታያል፤ ሻጩንም ሊያስይዘው ይችላል። በእንግሊዝ አገር የካርቦሊክ ስሞክ ቦል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ፣ ለቁም ነገርነቱም 1000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጫለሁ ሲል በጋዜጣ አስነገረ። ሉዊዛ ካርሊል ገዝታ እንደታዘዘው ተጠቀመችበት፤ በሽታው ግን ያዛት። ኩባንያው ነገሩ ተራ የማስታወቂያ ማሞገሻ ነው ብሎ ቢከራከርም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1892 ባንክ የገባውን ገንዘብ ጠቅሶ፣ ቃሉ የምር ነው ብሎ ፈረደባት ሳይሆን ፈረደላት። በአገራችንም ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ከመላኩ በፊት መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ ወሳኝ ነው። ብዙ ቦታ የሽያጭ ኃላፊው ነው። መሆን ያለበት ግን መሣሪያውን ሄዶ የሚገጥመው ቴክኒሻን ነው፤ ደንበኛው «እንዲህ አላላችሁም ወይ?» ሲል ከፊቱ የሚቆመው እሱ ነውና። ቴክኒሻኑ «ይህን እኔ አልፈርምበትም» ያለው መስመር ወይ ማስረጃ ይጨመርለታል፣ ወይ ይጠባል፣ ወይ ይወጣል። ከተከላው በኋላም የክሊኒኩ የቆጣሪ ንባብ በየወሩ ተመዝግቦ በዓመቱ ከአባሪ 1 ጋር ይነጻጸራል። 47 የተባለው 44 ሆኖ ከተገኘ፣ ለቀጣዩ ክሊኒክ የሚጻፈው ፕሮፖዛል የሚነሳው ከ44 ነው።