መጨረሻ የሌለው መለከት ስንት ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ1641 ጣሊያናዊው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ የአውሮፓን ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ያነጋገረ አንድ ቅርጽ መረመረ። ቶሪቼሊ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በሜርኩሪ ባሮሜትሩ ነው። ያ ቅርጽ ግን መለከት ይመስላል፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ጫፉ ግን የትም አይገኝም፤ ርዝመቱ ማለቂያ የለውም። ቶሪቼሊ ያረጋገጠው ነገር ይህ ማለቂያ የሌለው መለከት የሚይዘው መጠን ውሱን መሆኑን ነው። ግኝቱ በ1644 «ኦፔራ ጂኦሜትሪካ» በተሰኘ መጽሐፉ ሲታተም ብዙዎች ለመቀበል ተቸገሩ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ፣ ይህን ነገር ለመረዳት የሚያስፈልገው የጂኦሜትሪ ዕውቀት ሳይሆን እብደት ነው እስከ ማለት ደርሷል።

ቶሪቼሊ ይህን ሲሠራ ኒውተንም ላይብኒዝም ገና አልተወለዱም ነበርና የተጠቀመበት መንገድ በጣም ውስብስብ ነው። ዛሬ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል። መሣሪያው ኢምፕሮፐር ኢንተግራል ይባላል።

መለከቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። y = 1/x የተባለውን ኩርባ x = 1 ከሆነበት ቦታ ጀምሮ ወደ ቀኝ መውሰድና በአግድሙ መስመር ዙሪያ ማሽከርከር ነው። በየትኛውም x ላይ መለከቱ በቢላ ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ነው፤ ሬዲየሱ 1/x ስለሆነ ስፋቱ π/x² ይሆናል። የእነዚህ ክቦች ድምር የመለከቱን ይዘት ይሰጣል። ችግሩ ድምሩ እስከየት ይቀጥላል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ተራው ኢንተግራል መነሻና መድረሻ ይፈልጋል፣ «ማለቂያ የለሽ» ደግሞ ቁጥር አይደለምና በቀመር ውስጥ ሊተካ አይችልም።

መፍትሔው መለከቱን አንድ ቦታ ላይ መቁረጥ ነው። መቁረጫው b ይባል። ከ1 እስከ b ያለው ይዘት በተራው ኢንተግራል ይሰላል፤ ውጤቱም π(1 − 1/b) ነው። ከዚያ መቁረጫው ወደ ቀኝ ይገፋል። b 10 ሲሆን ይዘቱ 2.827 ገደማ ነው፣ 100 ሲሆን 3.110፣ 1000 ሲሆን 3.138። 1/b ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ይዘቱ π ላይ ያርፋል፤ b የቱንም ያህል ቢገፋ ከዚያ አያልፍም። እንዲህ ያለው ኢንተግራል ኮንቨርጅ ያደርጋል ይባላል። መለኪያው ሜትር ቢሆን መለከቱ የሚይዘው 3.14 ሜትር ኪዩብ ያህል፣ ማለትም ከ3,100 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እስከ አሥር ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሄድ እንኳ ያው ነው፤ እዚያ ላይ የመለከቱ ሬዲየስ ከአንድ አቶም መጠን ጋር ይተካከላል።

እስከዚህ ድረስ አንባቢው «እየቀጠነ የሚሄድ ነገር ሁሉ ድምሩ ውሱን ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ ለመሳሳት ደግሞ ያንኑ ኩርባ መለስ ብሎ ማየት ይበቃል። ኩርባው ሳይሽከረከር ከሥሩ ያለው ስፋት ስንት ነው? አሁን የሚደመረው 1/x ነው፤ ከ1 እስከ b ያለው ስፋትም የ b ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ln b ነው። b 10 ሲሆን 2.303፣ 100 ሲሆን 4.605፣ 1000 ሲሆን 6.908 ይሆናል። መቁረጫው አሥር እጥፍ በራቀ ቁጥር ስፋቱ ሁልጊዜ በዚያው በ2.303 ይጨምራል። የሚያርፍበት ቁጥር ስለሌለ ዳይቨርጅ ያደርጋል።

ይህ በሎጋሪዝም ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ከ1 እስከ 2 ባለው ክፍተት ኩርባው ከ1/2 በታች አይወርድም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ስፋት ከ1/2 አያንስም። ከ2 እስከ 4 ደግሞ ኩርባው ከ1/4 በታች አይወርድም፣ ወርዱ ግን 2 ሆኗል፤ አሁንም ስፋቱ ቢያንስ 1/2 ነው። ከ4 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 16፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኩርባው በግማሽ ሲወርድ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል፤ መቀነሱ በመርዘሙ ይካካሳል። ማለቂያ የሌላቸው ግማሾች ተደምረው ውሱን ቁጥር ሊሆኑ አይችሉም።

በዚህ ጉዳይ በካልኩሌተር መተማመን አደገኛ ነው። ስፋቱ እጅግ በዝግታ ስለሚያድግ b አንድ ሚሊዮን ሲደርስ ገና 13.8 ገደማ ነው። 100 እንዲሞላ ደግሞ b 44 አሃዝ ያለው ቁጥር መሆን አለበት። ቁጥሮቹን ብቻ እያየ የሚፈርድ ሰው «ሊቆም ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን አይቆምም። አንድ ኢንተግራል ማረፍ አለማረፉን የሚወስነው የተሰሉት ጥቂት ቁጥሮች ሳይሆኑ የሊሚቱ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ መለከቱ እንመለስና የውጭ ገጽታውን ስፋት እንጠይቅ። ቀመሩ ሥር ያለበት ነውና ማስላቱ አድካሚ ነው። ደስ የሚለው ነገር ማስላት አያስፈልግም። መለከቱ በቀጫጭን ቀለበቶች ቢከፋፈል የእያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያ 2π/x ነው። የቀለበቱ ግድግዳ ስለሚያዘነብል ስፋቱ ቀጥ ብሎ ቢቆም ከሚኖረው አያንስም። ስለዚህ የገጽታው ጠቅላላ ስፋት ከ1/x ኩርባ ሥር ካለው ስፋት በ2π ተባዝቶ ከሚገኘው አያንስም። ያ ደግሞ ወሰን የለሽ መሆኑ ታውቋል። ከወሰን የለሽ የማያንስ ነገር ውሱን ሊሆን አይችልምና ገጽታውም ዳይቨርጅ ያደርጋል። ይህ የማነጻጸር ዘዴ ትክክለኛው ስሌት ሲከብድ ዋናው መሣሪያ ነው፤ አቅጣጫው ግን መጠበቅ አለበት። ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ነገር ማነስ ምንም አያረጋግጥም፤ 1/x² ከ1/x ያንሳል፣ ሆኖም ውሱን ነው።

ከዚህ ታዋቂው የቀለም እንቆቅልሽ ይወለዳል። መለከቱን በ3.14 ሜትር ኪዩብ ቀለም መሙላት ይቻላል፤ ግድግዳውን ለመቀባት ግን የዓለም ቀለም ሁሉ አይበቃም። የተሞላ ዕቃ ውስጡ ተቀብቷል ማለት አይደለምን? ምስጢሩ «መቀባት» በሚለው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ቀቢው በየቦታው እኩል ውፍረት ያለው ቀለም እቀባለሁ ካለ፣ ወሰን የለሽ ስፋት ወሰን የለሽ ቀለም ይበላል። ውስጡን የሚሞላው ቀለም ግን እኩል ውፍረት የለውም፤ መለከቱ በቀጠነ ቁጥር ቀለሙም አብሮ ይሳሳል። በሌላ አነጋገር አንደኛው ድምር የ1/x ነው፣ ሌላኛው የ1/x²። አንዱ ስለ ስፋት፣ አንዱ ስለ ይዘት ነውና ሁለቱ አይጋጩም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው አወራረዱ ምን ያህል ፈጣን ነው የሚለው ነው። ኩርባው 1/xᵖ ከሆነና ወደ ቀኝ ያለ ማቋረጥ የሚሄድ ከሆነ፣ p ከ1 ሲበልጥ ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ 1 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ዳይቨርጅ ያደርጋል። 1/x በድንበሩ ላይ ቆሞ ወደ መጥፎው ወገን ያጋደለ ነው።

ማለቂያ የለሽነት ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ወደ ላይም ይሄዳል። 1/√x የተባለው ኩርባ ከ0 እስከ 1 ባለው ክፍተት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሽቅብ ይተኮሳል፤ በዜሮው ላይ ቨርቲካል አሲምፕቶት አለው ይባላል። ዘዴው አይለወጥም። ከዜሮ ትንሽ ራቅ ብሎ a ላይ መቁረጥ፣ ማስላት፣ ከዚያ a ን ወደ ዜሮ ማስጠጋት ነው። ውጤቱ 2 − 2√a ነው፤ a 0.01 ሲሆን 1.8፣ 0.0001 ሲሆን 1.98። ያረፈበት 2 ነው።

ይህ 2 ከየት እንደመጣ በሥዕል ማየት ይቻላል። የ1/√x ኩርባ አግድሙና ቁሙ ቦታ ሲለዋወጡ የ1/x² ኩርባ ይሆናል። ከ0 እስከ 1 ያለው ስፋትም ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከታች ጎኑ 1 የሆነ ካሬ፣ ከላዩ ደግሞ ወደ ሰማይ የቆመ የ1/x² ጭራ። ካሬው 1፣ ጭራውም 1፣ ሲደመር 2። ደንቡ በዜሮ ዙሪያ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚህ ኮንቨርጅ የሚያደርገው p ከ1 ሲያንስ ነው። 1/x ሲገለበጥ ራሱን ይሆናልና በሁለቱም በኩል ዳይቨርጅ ያደርጋል።

የከፋው ወጥመድ አሲምፕቶቱ በክፍተቱ መሐል ሲደበቅ ነው። 1/x² ን ከ−1 እስከ 1 ያለ ጥንቃቄ የሚያሰላ ተማሪ አንቲዴሪቫቲቩን −1/x ይይዝና ሁለቱን ጫፎች ይተካል፤ −1 ሲቀነስ 1፣ መልሱ −2 ይወጣል። ኩርባው ግን የትም ቦታ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ የአዎንታዊ ነገር ስፋት እንዴት አሉታዊ ይሆናል? ስህተቱ ስሌቱ ዜሮን ሳያይ በላዩ መዝለሉ ነው። ትክክለኛው መንገድ ክፍተቱን ዜሮ ላይ ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ነው። ቀኙ ከ a እስከ 1 ሲሰላ 1/a − 1 ነው፤ a ሲያንስ ያለ ገደብ ያድጋል። አንዱ ወገን ዳይቨርጅ ካደረገ ጠቅላላው ዳይቨርጅ ነው፤ ሌላውን ማየት እንኳ አያስፈልግም።

1/x ከ−1 እስከ 1 ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ይበልጥ ያታልላል። ግራው ወደ ታች፣ ቀኙ ወደ ላይ በእኩል ስለሚሄዱ «ይጣፋሉ፣ መልሱ ዜሮ ነው» ማለት ያምራል። ሁለቱም ወገኖች ከዜሮ a ርቀት ላይ ከተቆረጡ በእርግጥ ዜሮ ይወጣል። ግራው a ላይ፣ ቀኙ ግን 2a ላይ ቢቆረጥስ? ያኔ ድምሩ −ln 2፣ ማለትም −0.693 ገደማ ነው፤ a የቱንም ያህል ቢያንስ አይለወጥም። መልሱ በቆራጩ እጅ የሚወሰን ከሆነ ኢንተግራሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው። በ1820ዎቹ በፓሪስ ኢኮል ፖሊቴክኒክ ያስተምር የነበረው ኦገስተን ሉዊ ኮሺ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል በመቁረጥ የሚገኘውን ዜሮ ለይቶ ዋነኛ ዋጋ ብሎ ሰይሞታል። በፊዚክስና በምሕንድስና ዛሬም ይሠራበታል፤ 1/x ግን በዚያ ክፍተት ላይ ዳይቨርጅ ማድረጉን አይለውጠውም።