ዝም ሲሉት የሚደርቀው መስመር

ስልኬን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ፣ በሞባይል ዳታ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች ገብቼ እየሠራሁ ነበር። ስልክ ተደወለልኝና አውርቼ ስመለስ ተርሚናሉ ድርቅ ብሏል። ብጽፍ ፊደል አይወጣም፤ «ተቋርጧል» የሚል መልእክትም የለም። ሌላ መስኮት ከፍቼ እንደገና ብገባ ግን ወዲያው ገባሁ። ኢንተርኔቱም ሰርቨሩም ደህና ናቸው ማለት ነው።

በማግስቱ ልፈትነው ተነሣሁ። ሦስት ደቂቃ ሳልነካው ቆየሁ፤ ይሠራል። ስድስት ደቂቃ ስቆይ ደረቀ። በየሦስት ሰከንዱ ስክሪኑን የሚያድሰውን `top` ከፍቼ ብተወው ግን ሰዓት ሙሉ አልሞተም። መስመሩን የሚገድለው ዝምታው ነው።

በአዲስ መስኮት ሰርቨሩ ላይ `ss -tn` ብዬ አየሁ፤ የደረቀው መስመር አሁንም `ESTAB` ይላል። ሰርቨሩ እኔ አለሁ ብሎ ይጠብቃል፣ የእኔም ላፕቶፕ እንዲሁ። የረሳው መሀል ያለው ነው።

መሀል ያለው ናት ይባላል። ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ የትኛው ፓኬት የማን እንደሆነ የሚያውቀው በመዝገቡ ነው። መዝገቡ ውስን ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ያላለፈበትን መስመር ይሰርዛል፤ ለማንም አይናገርም። ከዚያ በኋላ የምጽፈው ሁሉ እዚያው ይጣላል። የቲሲፒ ደንብ (አርኤፍሲ 5382) እንዲህ ያለው መስመር ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰረዝ ይላል፤ ሁሉም ግን አይታዘዘውም። የአማዞን ክላውድ የናት አገልግሎት እንኳ 350 ሰከንድ ብቻ ነው የሚታገሠው።

«ኤስኤስኤች እኮ `TCPKeepAlive` አለው» የሚል ይኖራል። አለው፤ ነገር ግን ሊኑክስ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት! ናቱ እስከዚያ ረስቶናል።

መፍትሔው በራስ ኮምፒውተር `~/.ssh/config` ላይ ይጻፋል፦

```
Host *
    ServerAliveInterval 60
    ServerAliveCountMax 3
```

ከሰርቨሩ ለ60 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ላፕቶፑ «አለህ?» ይለዋል፤ ሰርቨሩም ይመልሳል። ያቺ ትንሽ ምልልስ ናቱን ታስታውሰዋለች። በተከታታይ ሦስት ጥያቄ ያለ መልስ ከቀረ ደግሞ መስመሩ በግልጽ ይዘጋል፤ ለእኔ ይህ ከመድረቅ ይሻላል። ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀየር ግን አድራሻው ራሱ ስለሚለወጥ ይህ አያድንም፤ ረጅም ሥራ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ `tmux` ውስጥ ይክፈቱት።

አሁን የደረቀ መስኮት ፊት ለፊት ከተቀመጡ መጀመሪያ `Ctrl-Q` ይሞክሩ፤ ሳያስቡት `Ctrl-S` ነክተው ይሆናል። ካልሆነ ኢንተር ይጫኑና `~.` ይጻፉ፤ ላፕቶፑ ሰርቨሩን ሳይጠብቅ መስመሩን ይዘጋዋል።