ባለጉዳይዋ ያልተናገረችው፦ በሕግ ክሊኒክ የሚደረግ የቃለ መጠይቅ ልምምድ

የባለጉዳይ ቃለ መጠይቅ ልምምድ የሕግ ተማሪ በክሊኒክ ኮርስ ውስጥ እውነተኛ ባለጉዳይ ከማነጋገሩ በፊት የሚያልፍበት ሥልጠና ነው። ባለጉዳይ ሆኖ የሚቀርበው ሰው ታሪኩን አጥንቶ ይመጣል፤ ዋና ዋና ፍሬ ነገሮችንም ቶሎ አያወጣም። ለተማሪው የሚሰጠው «ያለአግባብ ከሥራ ተባረርኩ የምትል ሠራተኛ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

መምህሩ የሚያዘጋጀው የሚና ወረቀት ፍሬ ነገሮቹን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ሳይጠየቁ የሚነገሩ፣ በቀጥታ ሲጠየቁ ብቻ የሚነገሩ፣ ባለጉዳይዋ ተማሪውን ካመነችው ብቻ የሚወጡ። ወረቀቱ የምትደብቅበትን ምክንያትም መያዝ አለበት። ምክንያቱ ካልታወቀ ልምምዱ እንቆቅልሽ ይሆናል፤ ተማሪውም ከማዳመጥ ይልቅ መገመት ይጀምራል።

አንዲት የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ከወንድሟ ጋር ትገባለች እንበል። «ሰሞኑን አባረሩኝ፤ ወደ ሥራዬ መመለስ እፈልጋለሁ» ትላለች። ከተባረረች ግን አራት ወር ሆኗታል። ለቤተሰቧ መናገር አፍራ ብዙ ጊዜ ሥራ እንደምትሄድ ሆና ከቤት ስትወጣ ቆይታለች። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይም ፈርማለች።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ግን 6 ወር አለው። ስለዚህ «ሰሞኑን» የሚለውን ቃል እንዳለ የተቀበለ ተማሪ የሚወድቅ ክስ ያዘጋጃል፤ ለክፍያው የቀሩት ሁለት ወራትም በዚያው ያልቃሉ።

ጥሩ ጠያቂ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር በምስጢር እንደሚጠበቅ ያስረዳል፣ ወንድሟንም በትሕትና ውጭ እንዲጠብቅ ይጠይቃል። ቀጥሎ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ብሎ ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ጥያቄውን የሚያጠብበው ከዚያ በኋላ ነው፦ መጨረሻ ደመወዝ የተቀበልሽው የየትኛውን ወር ነው? ስትወጪ የፈረምሽው ወረቀት ነበር? ቀኑን የሚጠይቅበትን ምክንያትም ይነግራታል፤ የክስ ጊዜ እንደሚያልፍ የተረዳች ሴት ሐፍረቷን ወደ ጎን ማድረግ ይቀላታል። ከሁሉም በላይ ብዙ የሚያወጣው ጥያቄ «ሥራ አስኪያጁ ቢጠየቅ ምን የሚል ይመስልሻል?» የሚለው ነው። እሷን ሳይከስ የተፈረመውን ወረቀት ወደ ጠረጴዛው ያመጣዋልና።

የብዙ ተማሪዎች ስሕተት ቶሎ ምክር መስጠት ነው። በአምስተኛው ደቂቃ «እናሸንፋለን» የተባለች ባለጉዳይ ተስፋዋን የሚያፈርስ ነገር ልትናገር አትደፍርም። ሌላው ስሕተት እንደ መስቀለኛ ጥያቄ ማፋጠጥ ነው፤ መልሷ እያጠረ፣ ዓይኗም ወደ በሩ እየሸሸ ሲሄድ ይታወቃል። ልምምዱ ሲያበቃ ባለጉዳይዋ ከሚናዋ ሳትወጣ የትኛው ጥያቄ አፏን እንደከፈተ፣ የትኛውም እንደዘጋው ትናገራለች። ይህ ከመምህሩ ነጥብ ይበልጥ ያስተምራል።

የዘዴው ድክመት ተማሪው የተደበቀ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሁሉንም ባለጉዳይ መጠርጠር ይለምዳል። ስለዚህ አስተዋይ መምህር በየመሐሉ ምንም ያልደበቀ ባለጉዳይ ያስገባል።