በክፍል በክፍል በሚቀጥል ታሪክ ውስጥ የገጸ ባሕርይ አንደበት እንዴት ይጠበቃል?



ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት። በዚያው ዘመን በአፋን ኦሮሞ «ዺምቢባ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማም ይተላለፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ተቀምጦ አይጻፍም። ጸሐፊው ወይም የጸሐፊዎቹ ቡድን ዛሬ አንድ ክፍል ይጽፋል፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለስበታል። አድማጩ ግን የሰዎቹን ድምፅ በጆሮው ይዞ ይጠብቃል። ታሪኩን ቢረሳ እንኳ አንደበታቸውን አይረሳም።

ለዛሬው ውይይት እንዲረዳን አንዲት ገጸ ባሕርይ ፈጥሬያለሁ። እማማ ጫልቱ እንበላቸው። የደራ ሰው ናቸው፤ አዳማ ገበያ እህል ይሸጣሉ፤ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ከከተማ ደንበኞቻቸው ጋር ግን በአማርኛ ይነጋገራሉ። ወንድ ልጃቸውን «ኢልማ ኮ» ይሉታል። አንድን ነገር በለሰለሰ ቃል ሲጠይቁ «ሜ» ብለው ይጀምራሉ።

ጸሐፊው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ በአእምሮው የሚቀረው «ጨዋታ የሚወዱ፣ አፋን ኦሮሞ የሚቀላቅሉ እናት» የሚል ቅጽል ነው። ከቅጽል ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው ያጋንናል። በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ጊዜ የተሰማው «ሜ» በሃያኛው ክፍል በየዐረፍተ ነገሩ ይመጣል፤ እማማ ጫልቱም የራሳቸው አስመሳይ ይሆናሉ። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ መስፈር ያለበት ቃሉ ብቻ አይደለም፤ የሚነገርበት ሁኔታም ነው። «ሜ» የሚሉት ሲለምኑ ብቻ ነው፣ ሲቆጡ ከቶ አይሉትም። እንዲህ ሲጻፍ «ሜ» የቀረበት ቦታ ራሱ ይናገራል። አድማጩ ቁጣቸውን ከድምፃቸው በፊት ይሰማዋል።

በአማርኛ ከሁሉ በቶሎ የሚያጋልጠው ግን የአክብሮት ሥርዓቱ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» የተውላጠ ስም ጉዳይ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ጥበቃው ቀላል በሆነ። ልዩነቱ ግን በየግሡ ውስጥ አለ። እማማ ጫልቱ የሴት ልጃቸውን ባል በ12ኛው ክፍል «ይግቡ፣ ምሳ በልተዋል?» ብለው ተቀበሉት እንበል። በ31ኛው ክፍል ጸሐፊው ዘንግቶ «ግባ፣ በልተሃል?» ቢያሰኛቸው፣ አድማጩ የጸሐፊ ስሕተት ነው አይልም። ተጣሉ ይላል፣ ወይም ንቀውታል ብሎ ምክንያቱን መጠበቅ ይጀምራል። አንዲት የግሥ ቅጥያ ያልታሰበ ታሪክ ወለደች ማለት ነው። ለዚህ የምመክረው ሰንጠረዥ ነው፦ የገጸ ባሕርያቱ ስም በቁመትም በአግድምም ይጻፋል፣ በየመገናኛው ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ይሰፍራል። ፊት ለፊት ሲጠሩት እና በሌለበት ሲያነሡት ሊለያይ ስለሚችል ለሁለቱም ቦታ ያስፈልጋል።

ሌላው አደጋ፣ በተለይ ለማስተማር በሚጻፉ ድራማዎች፣ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ወደ ገጸ ባሕርይው አፍ ሾልኮ መግባቱ ነው። ጸሐፊው በጠዋት የፕሮጀክት ሰነድ ሲያነብ ውሎ ከሰዓት በኋላ እማማ ጫልቱን «የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ተጠቃሚ አለመሆኗ ለችግር ዳርጓታል» ያሰኛቸዋል። (ይህን መሰል ዐረፍተ ነገር በተማሪዎቼ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳሰመርኩበት አልቈጠርኩም።) ያንኑ ሐሳብ በራሳቸው አንደበት ስንመልሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሜ ኢልማ ኮ፣ ሚስትህ ያንን ጡት ሳታስጥል ሌላ አረገዘች። አንተስ ምን አልካት?» መልእክቱ አልጎደለም፤ እንዲያውም ጥያቄው በልጁ ላይ ወደቀ። በማስታወሻው ላይ ሰውየው የሚላቸውን ቃላት ያህል ፈጽሞ የማይላቸውም መመዝገብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ማስታወሻ ግን ደንብ እንጂ ዜማ አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ ክፍል ከመጀመር በፊት እማማ ጫልቱ የተናገሩባቸውን የመጨረሻዎቹን ሁለት ትዕይንቶች ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይገባል፤ ማስታወሻው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በየአሥር ክፍሉ ደግሞ የእርሳቸውን ንግግር ብቻ ለይቶ በአንድ ተቀምጦ ማንበብ ነው። በሳምንታት ልዩነት ያልታየ መንሸራተት ያኔ ዐይን ላይ ይወድቃል። ጸሐፊዎቹ ብዙ ከሆኑ ይህን ንባብ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢይዘው ይሻላል።

«ታዲያ ሰው አይለወጥም ወይ?» የሚል ጥያቄ ባለፈው ዓመት ከተማሪ ቀርቦልኝ ነበር። ይለወጣል። በእንዲህ ያሉ ድራማዎች ታሪኩን የሚሸከመውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚሻገረው ሰው ነው። ነገር ግን አስቀድሞ የሚለወጠው የሚወስነው ነገር ነው፣ አንደበቱ ወደ ኋላ ይቀራል። እማማ ጫልቱ የልጅ ልጃቸው ትምህርቷን ትታ እንድትዳር ሲገፋፉ ቆይተው በ60ኛው ክፍል ሐሳባቸውን ቢቀይሩም፣ የሚቀይሩት በዚያው በ«ሜ» ነው። የአነጋገር ለውጥ ሲያስፈልግ ምክንያቱና የክፍሉ ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ይጻፋል፦ «በ74ኛው ክፍል፣ ልጃቸውን መምታቱን ካወቁ በኋላ፣ የልጃቸውን ባል አንተ ማለት ጀመሩ።» በዚያ ክፍል በር ላይ ቆመው «ምን ፈልገህ መጣህ?» ሲሉት፣ ከ12ኛው ክፍል ጀምሮ «ይግቡ» ሲሉ የሰማ አድማጭ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።