ዳታ ሲጠፋ ለቡድን መሪ የሚጻፍ ኢሜይል
ይቅርታው ይቆይ፤ ዳታ ያጠፋ ጀማሪ ፕሮግራመር ኢሜይሉን ስህተቱ ከተፈጠረበት ሰዓት ይጀምር።

«ከቀኑ 8:10 ላይ በዋናው ዳታቤዝ `DELETE` ያለ `WHERE` ስላስኬድኩ የክፍያዎች ሰንጠረዥ ባዶ ሆኗል። አዲስ ክፍያ እንዳይገባ ሲስተሙን አቁሜያለሁ። የ6:00 ሰዓቱን ባክአፕ በሌላ ሰርቨር ላይ ከፍቼ የረድፎቹን ብዛት እያመሳከርኩ ነው። ከ6:00 ወዲህ የገባው ባክአፑ ውስጥ የለም፤ ከባንኩ መዝገብ መፈለግ አለብን። እርስዎ ሳይፈቅዱ ወደ ዋናው አልመልስም።»

ባክአፑን ከፍቶ ማየቱ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የጊትላብ ዋና ዳታቤዝ በስህተት ሲሰረዝ፣ መደበኛው ባክአፕ በቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ እንደነበር ታወቀ፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አልደረሱም ነበር። የተረፈው ዳታ የተገኘው ከስረዛው ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ከተወሰደ ቅጂ ነው።