ትርፍ የመሰለው ጉድለት

የወርኃዊ ዕቁብ ገንዘብ ያዥ የሚጽፈው ደብዳቤ ከሒሳብ ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። መዋጮው ይታወቃል፤ የዕጣው ብዛትም ይታወቃል፤ ወለድ የለ፣ ትርፍ የለ። አባዝቶ ድምሩን መጻፍ ነው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ «ጠቅላላ ገቢ» የሚለው ቃል ዕቁብ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚሸፍን እስካይ ድረስ።

አንድ ዕቁብ እናስብ። የሰፈር ባለሱቆችና ደመወዝተኞች ተሰባስበው መስከረም ላይ ጀመሩት። ሙሉ ዕጣ በወር 5,000 ብር ነው። ከ1 እስከ 16 ቁጥር ያሉት ሙሉ ዕጣ ይጥላሉ። ስምንት ሰዎች ደግሞ ግማሽ ግማሽ ይዘው፣ ሁለት ሁለት እየተጣመሩ፣ ከ17 እስከ 20 ያለውን ቁጥር «ሀ» እና «ለ» ተባብለው ተካፍለዋል። ሰዉ ሃያ አራት፣ ዕጣው ሃያ። በየወሩ 100,000 ብር ይሰበሰባል፤ ያው 100,000 ብር ዕጣ ለወጣለት ይሰጣል። ጳጉሜን ካልተቆጠረች ሃያኛው ዕጣ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ነው።

በሰባተኛው ወር፣ በመጋቢት፣ ገንዘብ ያዡ እንዲህ ጻፉ እንበል፦

«ለተከበራችሁ የዕቁባችን አባላት፤ እንደምን ከረማችሁ። በመጋቢት ወር በጠቅላላው 102,700 ብር ገቢ ሆኗል። ዕጣው ለ12 ቁጥር ወጥቷል። ለትብብራችሁ አመሰግናለሁ።»

በደብዳቤው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ብሩ በእርግጥ ገብቷል። ያነበበ ሁሉ ግን «ከመቶ ሺህም አልፏል፣ እሰየው» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል፤ ስሕተቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ዕቁብ ሞልቶ የሚፈስ ዕቃ አይደለም። ሁሉም ከጣለ ልክ 100,000 ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ሲመጣ ደስ ከማለት በፊት «ይህ የማን ነው?» ማለት ይገባል።

ብሩን እንበትነው። ለመጋቢት የተጣለው 92,500 ብር ብቻ ነው። 9 ቁጥር የየካቲትን 5,000 ብር አሁን ነው ያመጣው፤ ስላዘገየም 200 ብር ተቀጥቷል። 14 ቁጥር ወደ ክፍለ ሀገር ስለሚሄድ የሚያዝያን 5,000 ብር አስቀድሞ ሰጥቷል። ሲደመር 102,700 ይሆናል። የመጋቢት ዕጣ ግን 7,500 ብር ጎድሎበታል።

ከዚህ ብር ውስጥ ባለቤት የሌለው አንድም የለም። የ9 ቁጥር 5,000 ብር ባለፈው ወር 95,000 ብር ብቻ ተሰጥቶት ቀሪውን ሲጠብቅ ለከረመው ለ2 ቁጥር ነው። 200 ብሩ ወደ ቅጣት ሣጥን ይገባል፤ እዚያ 600 ብር ስለነበር 800 ይሆናል። የ14 ቁጥር ብር እስከ ሚያዝያ አይነካም። 92,500 ብሩ የ12 ቁጥር ነው። ሁሉም ድርሻውን ከያዘ በኋላ በገንዘብ ያዡ እጅ የሚቀረው 5,800 ብር ነው፤ 5,000 ቅድሚያ፣ 800 ቅጣት። አንባቢው ከደብዳቤው መጀመሪያ ሊፈልግ የሚገባው ይህን ቁጥር ይመስለኛል። ዕጣ በወጣ ማግስት የዕቁብ ሣጥን ባዶ ሊሆን ምንም የማይቀረው ነገር ነው። «በእጄ 30,000 ብር አለ» የሚል ደብዳቤ ካያችሁ አንድ ሰው ድርሻው አልደረሰውም ማለት ነው።

ፈተናው የሚመጣው በዚያ 5,000 ብር ላይ ነው። 12 ቁጥር ሙሉውን ይፈልጋል፤ ምናልባት የሱቅ ቁልፍ ሊከፍልበት ቀጠሮ ይዟል። ገንዘብ ያዡም ደግ ሰው ናቸውና የ14 ቁጥርን ብር አንሥተው ይሞሉለታል። ማንም አልሰረቀም። ሚያዝያ ሲመጣ ግን ሁሉም በቀኑ ቢጥል እንኳ 95,000 ብር ብቻ ይገኛል፤ ምክንያቱም የ14 ቁጥር ተራ ብሩ ቀደም ብሎ ተበልቷል። ያን ለመሙላት ከግንቦት መበደር ይከተላል። ጉድጓዱ ከወር ወር እየተንከባለለ መጨረሻ ላይ ዕጣ ለሚወጣላቸው ይደርሳል፤ እነርሱ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የታገሡት ናቸው።

አሁን ወደ ጎደለው 7,500 ብር እንምጣ። ያልጣሉት ሁለት ናቸው፤ 4 ቁጥር 5,000 ብር፣ «17 ለ» 2,500 ብር። ብዙ ደብዳቤዎች ሁለቱን «ያልከፈሉ» ብለው በአንድ መስመር ያስቀምጣሉ። በዕቁብ ሒሳብ ግን አይገናኙም። «17 ለ» ለስድስት ወር 15,000 ብር ጥሎ ገና ዕጣ አልደረሰውም። ዛሬ ቢያቋርጥ ዕቁቡ ነው ባለዕዳው። 4 ቁጥር ግን ኅዳር ላይ 100,000 ብር ወስዷል፤ እስካሁን የጣለው 30,000 ነው፤ 70,000 ብር ይቀርበታል። የመጀመሪያው ስልክ ተደውሎለት ደኅንነቱ ይጠየቃል። ለሁለተኛው ዳኛው ዋሱን ይጠራሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ከእያንዳንዱ ውዝፍ ጎን «የወሰደ» ወይም «ያልወሰደ» የምትል አንዲት ቃል ካልጨመረ አባላቱ መፍራት ያለባቸውን ያህል ሊፈሩ አይችሉም።

ስለ ዋስ ከተነሣ አይቀር፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል፤ ዋሱ የሚገባበት የገንዘብ መጠንም ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና በቁጥር 1922 አስቀምጧል። «እኔ ለእርሱ ዋስ ነኝ» ተብሎ በጨዋነት የተፈረመ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው። 4 ቁጥር ኅዳር ላይ ሲወስድ ሦስት ጊዜ ጥሎ ነበር፤ አሥራ ሰባት ይቀረው ነበር። እንግዲያው የዋሱ ወረቀት ላይ 85,000 ብር የሚል ቁጥር መኖር ነበረበት።

ደግሞ የዘመኑ ጣጣ አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ዕቁብተኛ ብሩን በስልክ ይልካል፤ ይህም ለገንዘብ ያዥ እፎይታ ነው፣ ሌሊት የሚቆጠር ብር የለምና። ሆኖም የሚደርሰው መልእክት የላኪውን ስም እንጂ የዕጣ ቁጥሩን አይናገርም። «ከወንድሜ ስልክ ነው የላክሁት» የሚል ሰው በየወሩ አይጠፋም። ባለቤቱ ያልታወቀ 5,000 ብር ከገባ ገንዘብ ያዡ ገምተው በአንዱ ስም ከሚመዘግቡት «ባለቤቱ ያልተለየ» ብለው ከነመለያ ቁጥሩ በደብዳቤው ላይ ቢያወጡት ይሻላል፤ ላኪው ራሱ በማግስቱ ይደውላል።

እኒያው ገንዘብ ያዥ ደብዳቤውን እንደገና ቢጽፉት እንዲህ ይሆናል፦

«ለተከበራችሁ የዕቁባችን አባላት፤ እንደምን ከረማችሁ። የመጋቢት መዋጮ ሊሆን የሚገባው 100,000፣ የተጣለው 92,500 ብር ነው። 4 ቁጥር (የወሰደ) 5,000፣ 17 ለ (ያልወሰደ) 2,500 ይቀርባቸዋል። ከየካቲት ውዝፍ 5,000 ብር ገብቶ ለ2 ቁጥር ተሰጥቷል። ዕጣው ለወጣለት ለ12 ቁጥር 92,500 ብር አስረክቤ አስፈርሜያለሁ፤ 7,500 ብር ይቀርለታል። በእጄ ያለው የ14 ቁጥር የሚያዝያ ቅድሚያ 5,000 ብርና የቅጣት 800 ብር ነው። ከመስከረም እስከ ዛሬ የተጣለው 692,500፣ ለባለዕጣዎች የተሰጠውም 692,500 ብር ነው። የተሳሳትሁት ካለ እስከ እሑድ ንገሩኝ።»

12 ቁጥር በዚህ ደብዳቤ አይደሰትም። የሱቁን ባለቤት ግን ከአሁኑ ጀምሮ ቀን ሊጠይቅ ይችላል።