ላሊበላን በእግር መሳለም

ላሊበላ ዛሬ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም ይደረሳል። ሆኖም አገር ሰላም በሆነበት ዓመት፣ ገና ሲቃረብ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ለቀናት በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ ብዙ ነው። መኪና አጥቶ ብቻ አይደለም። «በእግሬ መጥቼ እሳለማለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው ድካሙም የስለቱ አካል ነው።

ጉዞው የሚውለው ደግሞ በጾም ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው፤ ጠንከር ያለው ጿሚ እሱንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነካውም። በላስታ ተራሮች አንዱ ዳገት ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። የመሬት ክርክሩና የጎረቤት ቂሙ መጀመሪያ ላይ ከመንገደኛው ጋር አብረው ይጓዛሉ፤ እያደር ግን ሐሳቡ ሁሉ ወደ ጉልበቱ፣ ወደ ውኃውና ወደ ማደሪያው ይሰበሰባል። ጸሎት የሚቀለው ያኔ ነው ይላሉ አባቶች፤ ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለችና።

ሲመሽ ሌላ ፈተና አለ። በአገሩ ሰው የሚያሳድር ባለጸጋ እዚህ በማያውቀው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለት አለበት። ለብዙ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ይህ የሚከብድ ይመስለኛል። ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ የከተማው ሰው ዝቅ ብሎ አቧራ የጠጣ፣ የተሰነጣጠቀ እግሩን ያጥብለታል። እግሩን ለማያውቀው ሰው መስጠትም ትሕትና ይጠይቃል።

ቪክተር ተርነር የተባለው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ከባለቤቱ ከኤዲት ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጓዥ ከቤቱ ወጥቶ ካሰበበት እስኪደርስ ማዕረጉን ትቶ ከሌላው ጋር እኩል ይሆናል ብሎ ነበር። ኋላ የመጡ አጥኚዎች ግን በቅዱስ ቦታም ሀብትና ሥልጣን እንደማይጠፉ አሳይተዋል። ላሊበላም ላይ አንዱ ሆቴል ሲያድር ሌላው ነጠላውን ተከናንቦ ሜዳ ያድራል።

ቦታው ራሱ እንደ መንገድ የተሠራ ነው። ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ከቤተ መርቆሬዎስ በሚያገናኘው ዋሻ ውስጥ ምንም አይታይም፤ ተሳላሚው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ያልፋል። ዋሻው የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ቀናት የተጓዘ ሰው ብርሃን ላይ ሲወጣ የምሳሌውን ትርጉም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን መራመድ ብቻውን ንስሐ አይሆንም። ኃጢአት ለካህን ይነገራል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ የተጣላ ይታረቃል። የንስሐ አባቱም የተቀየመው ጎረቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ከወጣበት መንደር ስለሆነ፣ ተሳላሚው ለዚህ ጉዳይ ያንኑ መንገድ መመለስ አለበት።